የ40 ብሩ ከረጢትና የ350,000 ብሩ ሞተር፦ የግምጃ ቤት ዕቃን ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብሎ መመደብ

የምሠራው ኮምቦልቻ ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ቢን ካርድ ይዘው ለሚውሉ ስቶር ኪፐሮችና በደሴም ሆነ በሌላ ከተማ የመለዋወጫ ሱቅ ላላቸው ሰዎች ነው። ስለ ኤ፣ ቢ፣ ሲ አመዳደብ በሥልጠና ላይ ያልሰማ የለም። «ውዱ ዕቃ ኤ፣ ርካሹ ሲ» ብሎ የሚሄድ ግን ብዙ ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም።

የሚለካው የአንዱ ዕቃ ዋጋ አይደለም። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ክምችት ዋጋም አይደለም። በዓመት ውስጥ ከግምጃ ቤት የወጣው ብዛት በነጠላ ዋጋው ሲባዛ የሚመጣው ብር ነው። ሐሳቡን በ1951 እ.ኤ.አ. ለዕቃ ክምችት ያዋለው የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ፎርድ ዲኪ ነው። ከዚያ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም፤ ጥቂት ዕቃዎች አብዛኛውን ወጪ ይይዛሉ፣ ብዙዎቹ ዕቃዎች ደግሞ ትንሹን ይካፈላሉ። መጀመሪያ ጥቂቶቹን ለይቶ ማወቅ ነው።

በእኛ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ። ለስሌት እንዲመች ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ፣ ዕቃዎቹንም ቀንሻለሁ። ዓመቱ እንደ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ባለ 50 ኪሎ የዱቄት ማሸጊያ ከረጢት በዓመት 120,000 ወጣ፣ አንዱ 40 ብር ነው፤ 4,800,000 ብር ሆነ። ኩሽኔታ 180 በ5,000 ብር፣ 900,000። የወንፊት ጨርቅ 200 ሜትር በ3,500፣ 700,000። ቺንጋ 150 በ4,000፣ 600,000። የጊርቦክስ ዘይት 600 ሊትር በ700፣ 420,000። የከረጢት መስፊያ ክር 600 ጥቅል በ400፣ 240,000። ኮንታክተር 12 በ10,000፣ 120,000። ግሪስ 200 ኪሎ በ600፣ ይኸውም 120,000። የሥራ ጓንት 600 ጥንድ በ100፣ 60,000። የመስፊያ መርፌ 400 በ100፣ 40,000። በመጨረሻ መጠባበቂያ የተቀመጠ ባለ 350,000 ብር ሞተር አለ። በዓመቱ አልወጣም፤ ዜሮ።

ድምሩ 8,000,000 ብር ነው። ከላይ ወደ ታች የደረደርኩት በብሩ መጠን ነው። አሁን እያንዳንዱ ከድምሩ ስንት በመቶ እንደሆነ ይሰላና እየተደመረ ይወርዳል። ከረጢት ብቻውን 60 በመቶ ነው። ኩሽኔታ ሲጨመር 71.25 ይሆናል። የወንፊት ጨርቅ ሲገባ ልክ 80 ላይ ይደርሳል። እዚህ ላይ ኤ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ድምሩ 95 ሳይሞላ የሚጀምሩት ቺንጋ፣ ዘይትና ክር ቢ ናቸው። ኮንታክተር፣ ግሪስ፣ ጓንት፣ መርፌና ያ ግዙፍ ሞተር ሲ ውስጥ ይገባሉ።

80 እና 95 በመቶ የሚሉት መስመሮች ልማድ እንጂ ሕግ አይደሉም። አንዱ ቤት 70 እና 90 ቢያደርግ ስህተት የለበትም። የተደማሪውን ቁጥር አካሄድ ማየት ይሻላል፤ ዕቃ ሲጨመር ቁጥሩ መራመድ ትቶ መንፏቀቅ ከጀመረ፣ እዚያ አካባቢ መቁረጥ ያስኬዳል።

ኮምፒውተር ላይ የምሠራው በኤክሴል ነው። ኮለም B ላይ ዓመታዊ ብዛት፣ C ላይ ነጠላ ዋጋ ይገባል። D ላይ ብሩ ይወጣል። ዝርዝሩ በ D ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረደራል። ከዚያ ድርሻው E ላይ፣ ተደማሪው F ላይ፣ ምድቡ G ላይ ይመጣል።

```
D2: =B2*C2
E2: =D2/SUM($D$2:$D$12)
F2: =SUM($E$2:E2)
G2: =IF(ROUND(F2-E2,4)<0.8,"A",IF(ROUND(F2-E2,4)<0.95,"B","C"))
```

የመጨረሻዋን መስመር ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው F2 ከ0.8 ካነሰ ኤ፣ ከ0.95 ካነሰ ቢ ብሎ ነው የሚጽፈው። እኔ F2-E2 የምለው ዕቃው የሚጀምርበትን ቦታ እንጂ የሚያልቅበትን እንዳይለካ ነው። ልዩነቱ ምን ያመጣል? ስንዴን በዚሁ ዝርዝር ውስጥ አስገቡት። 120,000 ከረጢት ዱቄት ለማውጣት 77,000 ኩንታል ገደማ ስንዴ ይፈጫል። ኩንታሉ 6,000 ብር ቢባል 462,000,000 ብር ነው። ስንዴ ከሁሉም ድምር 98 በመቶ ይይዛል ማለት ነው። በተለመደው ቀመር 0.98 ከ0.95 ስለሚበልጥ ኤክሴል ያለ ምንም ሐፍረት ስንዴን «ሲ» ይለዋል! ፋብሪካው የቆመበት ዕቃ ከጓንትና ከመርፌ ጋር ይመደባል። በእኔ ቀመር ስንዴ የሚጀምረው ከዜሮ ስለሆነ ኤ ነው።

ክሩም እንደዚሁ ነው። የሚጀምረው 92.75 ላይ፣ የሚያልቀው 95.75 ላይ ነው። መስመሩን ረግጦ ስለሚያልፍ በአንደኛው ቀመር ሲ፣ በሌላው ቢ ይሆናል። ROUND የገባችውም በከንቱ አይደለም። ኮምፒውተሩ አሥርዮሽ ሲደምር ልክ 0.8 መሆን ያለበትን አንዳንዴ በጥቂቱ አሳንሶ ስለሚይዘው ቺንጋ ሳይታሰብ ኤ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ለነገሩ ቀመሩ ቢስተካከልም ስንዴና መለዋወጫ በአንድ ዝርዝር አይመደቡም። ስንዴ ከገባ የተቀረው ሁሉ ሲ ይሆናል፤ ምደባው ለግምጃ ቤቱ የሚነግረው ነገር አይኖርም። ጥሬ ዕቃ ለብቻ፣ ማሸጊያና መለዋወጫ ለብቻ ይሠራ። ከረጢትን ከመለዋወጫ ለይቶ የሚሠራም አለ፤ እሱም ያስኬዳል። እኛ ዘንድ አብረው የሆኑት ስቶሩም ሰውየውም አንድ ስለሆነ ነው።

ወደ ቁጥሮቹ ጥራት ልምጣ፤ ምደባ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው የመለኪያ ጉዳይ ነው። የጊርቦክስ ዘይት የሚገዛው በበርሜል ነው፤ ለጥገና የሚወጣው በሊትር ነው። በርሜሉ 200 ሊትር ይይዛል ብንል ዋጋው 140,000 ብር ይሆናል። ካርዱ ላይ ወጪው 600 ሊትር ተጽፎ ዋጋው በበርሜል ከተያዘ፣ ዘይት 84,000,000 ብር ሆኖ ከዝርዝሩ አናት ላይ ጉብ ይላል። ይህን ማንም ያየዋል፤ ሳቅ ነው። አደገኛው ተቃራኒው ነው። ወጪው 3 በርሜል ተብሎ ዋጋው በሊትር ከተያዘ 2,100 ብር ብቻ ይመጣል። ዘይት ዝም ብሎ ዝርዝሩ ግርጌ ላይ ይተኛል። ማን ያነሳዋል? ስለዚህ የላይኞቹን ብቻ ሳይሆን የታችኞቹንም እያነበብኩ፣ «ይህ ዕቃ በዓመት ለዚህ ብቻ ነው የሚያስወጣን?» እያልኩ እወርዳለሁ። በበርሜል፣ በካርቶን፣ በጥቅልና በደርዘን የሚገዙትን ለይቼ ሁለቱን መለኪያዎች አስተያያለሁ።

ከሂሳብ ክፍል ጋር ማመሳከርም ይረዳል። የዓመቱ መጀመሪያ ክምችት ሲደመር ግዢ፣ ሲቀነስ የዓመቱ መጨረሻ ክምችት፣ የዓመቱን ፍጆታ ይሰጣል። ሂሳብ ክፍል 8,000,000 አካባቢ እያለ የእኔ ዝርዝር 6,500,000 ካለ፣ የሆነ ቦታ ዕቃ ወጥቶ ካርድ ላይ አልሰፈረም ወይም መለኪያ ተምታቷል። ቁጥሩን ሳላገኝ ወደ ምደባው አልሄድም።

ፍጆታ የሚባለው የወጣው እንጂ የተገዛው እንዳልሆነም አይረሳ። በሰኔ በጀት እንዳይመለስ ተብሎ የተገዛ የሁለት ዓመት ጓንት ፍጆታ አይደለም። ለጥገና ወጥቶ የተመለሰ ኩሽኔታ ከወጪው መቀነስ አለበት። ወደ ሌላ ቅርንጫፍ የተዛወረ ዕቃም ለብቻው ይያዝ። ዓመቱም ደህና ዓመት ይሁን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሥራ የቆመባቸው ወራት ነበሩ። የዚያን ዓመት ወጪ ይዞ መመደብ የቆመ ፋብሪካን መመደብ ነው።

ሁለተኛው የነጠላ ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ኩሽኔታ፣ ዘይትና ኮንታክተር ዋጋቸው ተነሳ። ካርዱ ላይ ያለው ግን የድሮውና የአዲሱ አማካይ ነው። ዘይቱን በአማካዩ 700 ስናሰላው 420,000 ነበር። ዛሬ ሱቅ ላይ 1,100 ከሆነ 660,000 ይሆንና ቺንጋን ቀድሞ ይወጣል። ለሂሳብ መዝገብ አማካዩ ትክክል ነው። ለምደባ ግን ነገ ስገዛው የምከፍለውን ዋጋ ነው የምፈልገው፤ ምክንያቱም የምወስነው የነገን ግዢ ነው።

የመጨረሻውን የግዢ ዋጋ መውሰድ ጥሩ ነው፣ ግን እሱም ወጥመድ አለበት። አንዱ ዕቃ ባለፈው ወር ሲገዛ ሌላው የዛሬ አራት ዓመት የተገዛ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ማወዳደር ፍትሕ አይደለም። ለሁሉም ዕቃ አዲስ ዋጋ መጠየቅ ደግሞ አይቻልም። መላው ቀላል ነው። መስመሩ አጠገብ ላሉት፣ ዋጋቸውም ያረጀ ለሆኑት ብቻ ፕሮፎርማ ይጠየቃል። እኔ ደሴ ወዳሉ ደንበኞቻችን እደውላለሁ። አንዱ ነጋዴ ሀጂ ሁሌም «መግዛትህ ነው ወይስ ፈተና ልትፈተን?» እያሉ ይስቁብኛል፤ ዋጋውን ግን ይነግሩኛል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከላይ «ኩሽኔታ» ብዬ ጠቅልዬ የጻፍኩት ለማሳጠር ነው። እውነተኛው ዝርዝር ላይ እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ መስመር አለው። 22212 ቁጥር ኩሽኔታ ብቻውን 60 ወጥቶ በ9,000 ብር 540,000 ይይዛል። ቀሪዎቹ ትንንሾቹ፣ 6205ን ጨምሮ፣ ተደማምረው 360,000 ናቸው። በጅምላ ኤ ካልኳቸው ለትንንሾቹ የማይገባቸውን ቆጠራና ፊርማ እሰጣለሁ። ቺንጋም በቁጥሩ ይለይ።

እሺ፣ ተመደበ። ከዚያስ? ምደባው ጥቅም የሚሰጠው አገዛዝና አቆጣጠር ሲለያይ ነው።

ከረጢትን ውሰዱ። በወር 10,000 ይወጣል፤ 400,000 ብር ነው። በየሦስት ወሩ 30,000 ብንገዛ፣ ዕቃው ከመጣበት እስከሚያልቅበት ድረስ በአማካይ 600,000 ብር መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። በየወሩ ብንገዛ አማካዩ 200,000 ነው። 400,000 ብር ለስንዴ ተለቀቀ ማለት ነው። በርግጥ በየወሩ ማዘዝ የመኪናና የመፈራረም ጣጣ አለው። ስለዚህ ከአቅራቢው ጋር የዓመት የዋጋ ውል ተይዞ ዕቃው ብቻ በየወሩ ቢራገፍ ይመረጣል። ከረጢቱ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ መንገድ ሊዘጋ ይችላልና የአሥር የሥራ ቀን መጠባበቂያ፣ 4,000 አካባቢ፣ እላዩ ላይ ይጨመራል። እሱም 160,000 ብር ነው፤ አሁንም ያዋጣል።

መርፌን ደግሞ እዩት። የዓመቱን 400 መርፌ በአንዴ ብንገዛ በአማካይ የሚታሰረው 20,000 ብር ነው። ለዚህ በየወሩ የግዢ መጠየቂያ መሙላት፣ ሦስት ፕሮፎርማ መሰብሰብ፣ ለኃላፊ ማስፈረም ቀልድ ነው። ሲን አንዴ ገዝቶ መገላገል ነው። መርፌ የሚቀመጠው በሁለት ሳጥን ነው። አንዱ ሳጥን ሲያልቅ ሁለተኛው ይከፈታል፣ ያኔ ይታዘዛል። ካርድ እየቆጠሩ መጠበቅ አያስፈልግም።

ቆጠራም እንዲሁ ነው። ኤ በየወሩ፣ ቢ በየሦስት ወሩ፣ ሲ በሰኔው ዓመታዊ ቆጠራ ብቻ። ከረጢት የሚመጣው በእስር ነው፤ በአንዱ እስር 500 አለ ይባላል። ርክክብ ላይ ጥቂት እስሮችን እንደመጣልኝ መርጬ እፈታለሁ፣ መሬት ላይ ዘርግቼ እቆጥራለሁ። 480 የሆነ እስር ከተገኘ 800 ብር ጎደለ ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል። በዓመት የሚገቡት 240 እስሮች ሁሉም እንደዚያ ቢጎድሉ ግን 192,000 ብር ይሆናል። የዓመቱ መርፌ በሙሉ ቢሰረቅ 40,000 ነው። መርፌ እየቆጠረ ከረጢትን በእስር ፈርሞ የሚረከብ ስቶር ኪፐር ብዙ አይቻለሁ። ከረጢቱ 40 ብር ስለሆነ ነው የሚንቁት።

አሁን ኤ፣ ቢ፣ ሲ ወደማያየው ነገር። መርፌ ሲ ናት አልን። የጥገና ኃላፊያችን ይህን ሲሰሙ አልተዋጠላቸውም።

«ጋሼ፣ ሲ ማለት እኮ በዓመት ብዙ ብር አታወጣም ማለት ነው» አልኳቸው።

«ብሩን ተወው። መርፌ ከሌለ ከረጢቱ በምን ይሰፋል? ዱቄቱን በእቅፍህ ልታወጣው ነው?»

እውነታቸውን ነው። ሞተሩም ዓመታዊ ፍጆታው ዜሮ ነው፣ ከዝርዝሩ የመጨረሻው ነው። ይሸጥ ቢባል ምደባው አይቃወምም። የሚሠራው ሞተር በተቃጠለ ዕለት ግን ከአዲስ አበባ ሌላ እስኪመጣ ወፍጮው ይቆማል። የፍጆታ ብር የዕቃውን ወሳኝነት አይናገርም። ስለዚህ ከምድቡ ጎን ሁለተኛ ምልክት ያስፈልጋል። እኛ የምንጠቀመው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ዕቃ ዛሬ ባይኖር ምርት ይቆማል ወይ? የሚያቆም ከሆነ ቢን ካርዱ ጥግ ላይ ቀይ ምልክት ይደረጋል። ጥያቄውን የሚመልሰው ስቶር ሳይሆን ጥገና ነው። እሳቸውም ሁሉንም ቀይ እንዳያደርጉት «ሌላ ዕቃ ሊተካው ይችላል? ደሴ በዕለቱ ይገኛል?» ብዬ እጠይቃለሁ። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ከደሴ በአንድ ሰዓት ተገዝቶ የሚመጣ ፊውዝ ቀይ አያስፈልገውም።

መርፌ እንግዲህ ሲ ነች፣ ግን ቀይ አለባት። አንዴ ብዙ ትገዛለች፣ ሁለተኛው ሳጥንም ጠበቅ ተደርጎ ይያዛል። ሞተሩ ሲ ነው፣ ቀይ ነው፤ አንዱ ይቀመጣል፣ ሁለተኛ አይገዛም። ከረጢት ኤም ቀይም ነው። ጓንት ሲ ነው፣ ቀይ የለውም፤ ለአንድ ሳምንት ቢጠፋ ሠራተኛ ያጉረመርማል፣ ወፍጮው ግን ይፈጫል። (የሠራተኛ ማኅበሩ ይህን አንቀጽ ባያነብብኝ ደስ ይለኛል።)

ምደባውን የምናድሰው ከሰኔው ቆጠራ በኋላ በሐምሌ ነው። መስመሩ ላይ ያሉ ዕቃዎች በየዓመቱ ከኤ ወደ ቢ፣ ከቢ ወደ ኤ እንዳይመላለሱ፣ አንድ ዕቃ ምድቡን የሚለውጠው ሁለት ዓመት በተከታታይ በሌላው ወገን ከተገኘ ብቻ ነው። ልዩነቱ በጣም ሰፊ ከሆነ ግን አንጠብቅም። ዓመት ያልሞላቸው አዲስ ዕቃዎች ሌላ ጣጣ አላቸው። ጥር መጨረሻ ላይ የተተከለ ማሽን መለዋወጫ እስከ ሰኔ የአምስት ወር ወጪ ብቻ ነው ያለው። በአምስት አካፍሎ በ12 ማባዛት ይቻላል። አዲስ ማሽን ግን መጀመሪያ ላይ ብዙ አይሰበርም፤ በስሌቱ ሲ ውስጥ ቢወድቅም አላምነውም። ለመጀመሪያው ዓመት ቢ ብዬ በእርሳስ እጽፈዋለሁ፣ በሚቀጥለው ሐምሌ የሙሉ ዓመት ወጪውን አይቼ በእስክሪብቶ አጸናዋለሁ።